ወረቀቱ ከጀሪካኑ ይቅደም፦ የጽዳት ኬሚካል ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ የጽዳት ዕቃ እገዛለሁ። በረኪና፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ ፈሳሽ ሳሙና። ከአዲስ አቅራቢ ከመግዛቴ በፊት የእያንዳንዱን ምርት የደህንነት መረጃ ሰነድ እጠይቃለሁ። ነጋዴዎች ኤምኤስዲኤስ ይሉታል፤ የአሁኑ ስሙ ኤስዲኤስ ነው። 16 ክፍሎች አሉት። ይህን በጠየቅኩ ቁጥር ከሻጭም ከባልደረባም የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«በረኪና በረኪና ነው፤ ሰነዱን ከኢንተርኔት አውርደን እንያዝ»

አንዱ በረኪና 5 በመቶ ይሆናል፣ ሌላው 10። ሰነዱ የሚጠቅመው ሊገዙት ያሰቡትን ምርት ሲገልጽ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ የደረሰኝን ልንገራችሁ። አቅራቢው ሰነዱን በቴሌግራም ላከልኝ። ክፍል 3፣ ማለትም የይዘቱ ክፍል፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት 5 በመቶ ይላል። ለናሙና ያመጣው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ግን 10 በመቶ ተጽፏል። ክፍል 1ን ሳየው የአምራቹ ስም ሌላ፣ የአደጋ ጊዜ ስልኩም የውጭ አገር ነው። ሰነዱ የሌላ ድርጅት ምርት ነበር።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደም የነካውን ወለል የምናጸዳው በ0.5 በመቶ ውህድ ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 ሊትሩን ከ9 ሊትር ውሃ ጋር እንቀላቅላለን። 10 በመቶ ከሆነ ግን ውሃው 19 ሊትር ይሆናል። ወረቀቱን አምነን በ9 ሊትር ብንበጠብጠው ውህዱ 1 በመቶ ይሆንና የሠራተኛዋን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። በረኪናው ደክሞ 2.5 በመቶ ደርሶ ከሆነ የምናገኘው 0.25 ነው። ሽታው አለ፣ ወለሉም ያበራል፤ ግን ለደም የሚያስፈልገው ጉልበት የለውም።

ስለዚህ ከኤስዲኤሱ ጋር የባቹን፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ የተመረተውን በረኪና፣ የምርመራ ውጤት እጠይቃለሁ። የባች ቁጥሩ ከጀሪካኑ ጋር መግጠም አለበት፤ የተመረተበት ቀንና የክሎሪኑ መጠንም ሊኖረው ይገባል። ቀኑን የምፈልገው በረኪና በሙቀትና በፀሐይ እየደከመ ስለሚሄድ ነው። ኮምቦልቻ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወራት የከረመና ደሴ ብርድ ውስጥ የተቀመጠ እኩል አይቆዩም።

«አይኤስኦ 9001 አለን፤ ሌላ ምን ሰርተፍኬት ትፈልጋለህ?»

እሱ የድርጅቱን የሥራ አመራር ሥርዓት ይመለከታል። ጀሪካኑ ውስጥ ስላለው ፈሳሽ አይመሰክርም። እኔ የምፈልገው የምርቱን የተስማሚነት ሰርተፍኬት ነው። አራት ነገር አይበታለሁ፦ የምርቱ ስም፣ የተመዘነበት ደረጃ ቁጥር፣ የሰጠው አካልና የሚያበቃበት ቀን። ስሙ ጀሪካኑ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው። ሰጪው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው ከተባለ ደግሞ የሰርተፍኬቱን ቁጥር ይዞ እዚያው ማጣራት ነው።

«ወላሂ፣ ሁሉም ይወስደዋል፤ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ይመጣል»

ሰውየው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን ብሩ ከተከፈለ በኋላ ወረቀቱን የሚያስቸኩለው ነገር የለም። እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ጋሼ፣ ትዕዛዙን የምልከው የእያንዳንዱ ምርት ኤስዲኤስ፣ የባቹ ምርመራ ውጤትና የተስማሚነት ሰርተፍኬቱ ሲደርሰኝ ነው። ከትልቅ በርሜል ወደ ጀሪካን የሚገለበጥ ካለ የዋናውን አምራች ሰነድ ይላኩልኝ፤ ጀሪካኑም ላይ ስሙና መጠኑ ይጻፍበት።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ታወጣለች። እየገለበጠ የሚሸጥ ሰው አንዳንዴ የአምራቹን ስም እንኳ አያውቅም። ከእንደዚያ ዓይነቱ አልገዛም።

«እንግሊዝኛ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛ ምን ይሠራላታል?»

ሁሉንም መተርጎም አያስፈልግም። ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታ ነው፣ ክፍል 8 ጓንትና መነጽር፣ ክፍል 10 ከምን ጋር እንደማይገናኝ። እነዚህን ሦስቱን ጀሪካኑ ከመግባቱ በፊት በአማርኛ ጽፌ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ክፍል 10ን የሁለቱን ምርቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የበረኪናው አሲድ አይንካው ይላል፣ የሽንት ቤቱ አሲድም በረኪናን ይከለክላል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። ጠባብና መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ይበልጥ አደገኛ ነው። የበረኪናው ሰነድ ክፍል 10 ላይ ስለ አሲድ አንድም ቃል ከሌለ ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ምርቱን አያውቀውም፤ መልሼ እልከዋለሁ። እኛ ጋ በረኪናው በስተግራ መደርደሪያ ላይ ነው፣ አሲዱ በሌላ ክፍል ወለል ላይ። ቁልፋቸውም የተለያየ ነው።