ሲናር በስንዴ ማሳ፦ ስለ አረም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግማሹን አረም ከነቀልኩ ግማሹን ጉዳት አስቀረሁ ማለት ነው።»

ሂሳቡ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ደስ ባለን ነበር። በማሳው ላይ ሲናር ጥቂት ሲሆን የእያንዳንዱ ተክል ጉዳት ትልቅ ነው። ሲበዛ ግን ሲናሮቹ እርስ በርሳቸውም ይሻማሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ተክል የሚያመጣው ጉዳት ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። ቀመሩ ይህ ነው፦

YL = I × D / (1 + I × D / A)

YL በመቶኛ የሚቀንሰው ምርት ነው። D በካሬ ሜትር ያለው የአረም ብዛት ነው። I የመጀመሪያዎቹ አረሞች እያንዳንዳቸው የሚያደርሱት ጉዳት ሲሆን፣ A ደግሞ አረሙ ማሳውን ቢሞላውም ጉዳቱ የማያልፈው ጣሪያ ነው። ለልምምድ ያህል I 1፣ A ደግሞ 60 ይሁን። በካሬ ሜትር 100 ሲናር ካለ 37.5 በመቶ ምርት ይጠፋል። ግማሹን ነቅለን 50 ብናስቀርስ? አሁንም 27.3 በመቶ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለን የታደግነው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 90ውን ብንነቅል ግን ጉዳቱ ወደ 8.6 ይወርዳል።

ቀመሩ የማያሳየው ነገርም አለ፤ አረሙ የበቀለበትን ቀን። ከስንዴው ቀድሞ የበቀለ ሲናርና ስንዴው ከበቀለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ ያለ ሲናር በቁጥር እኩል ቢሆኑም በጉዳት አይገናኙም።

«ስንዴው ገና ችግኝ ነው። ውሃውም ማዳበሪያውም ለሁለቱም ይበቃል።»

ሊበቃ ይችላል። ተክል ግን ጎረቤቱን የሚያውቀው ሲራብ ብቻ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጥና ከቀይ ማዶ ያለውን፣ ለዓይናችን የማይታየውን ብርሃን ያንጸባርቃል። ሰብሉ ይህን ነጸብራቅ ሲያገኝ «ጎረቤት መጣብኝ» ብሎ አስተዳደጉን ይቀይራል፤ ወደ ላይ ይሳባል፣ ለሥሩ የሚሰጠውን ይቀንሳል። ይህ በተለይ በበቆሎ ላይ በደንብ ተጠንቷል። ጥላው ሳይደርስ፣ ውሃውም ሳያልቅ ይጀምራል።

«ማዳበሪያ እጨምርለታለሁ» የሚል መልስም እሰማለሁ። ሲናር ናይትሮጂን ሲያገኝ ከስንዴው ብሶ የሚፋፋበት ጊዜ አለ። ተቀናቃኙን እየቀለባችሁት እንዳይሆን።

«ሲናሩ ዛላ ሲያወጣ ከስንዴው በደንብ ስለሚለይ ያን ጊዜ አንዴ ጠንክሮ ማረም ይበቃል።»

ይህ አመለካከት ምክንያት አለው። ሲናር በችግኝነቱ ስንዴ ይመስላል፤ ሲያድግ የተነቀለው ደግሞ ለከብት ይሆናል። ነገር ግን ያኔ ስንዴው ጉዳቱን ጨርሶ ቀምሷል።

የማረሚያው ወሳኝ ጊዜ የሚታወቀው በሁለት ዓይነት መደቦች ነው። በአንደኛው አረሙ እስከ ተወሰነ ቀን ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማሳው እስከ አጨዳ ንጹህ ይሆናል። በሌላው ማሳው እስከ ተወሰነ ቀን ንጹህ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የበቀለው ሁሉ ይተዋል። አሁን ለልምምድ ብዬ በፈጠርኳቸው ቁጥሮች እንየው። ወቅቱን ሙሉ ንጹህ የሆነው ስንዴ በሄክታር 40 ኩንታል ሰጠ እንበል። 5 በመቶ ጉዳት ከቻልን መነሻችን 38 ኩንታል ነው።

አረሙ ከበቀለ በኋላ እስከ 15ኛው ቀን ሲተው 39.5፣ እስከ 30ኛው 38፣ እስከ 45ኛው 33፣ እስከ 60ኛው 27 ኩንታል ተገኘ። እንግዲህ አረሙ ከ30ኛው ቀን በላይ መቆየት የለበትም። በሌላው በኩል ማሳው እስከ 15ኛው ቀን ብቻ ሲጸዳ 30፣ እስከ 30ኛው 35፣ እስከ 45ኛው 38 ተገኘ። ከ45ኛው ቀን ወዲያ የሚበቅለው ብዙም አይጎዳም ማለት ነው። ወሳኙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ሆነ።

60ኛው ቀን ላይ ጠንክሮ ያረመው ገበሬ 13 ኩንታል አጥቷል። በ30ኛው ቀን አንዴ ብቻ ያረመውም አልተረፈም፤ ከዚያ በኋላ የበቀለው ከ35 በላይ አያስገኝለትም። ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል።

ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ቀኖች ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ። አረሙ እስከ 40 ቀን ቢተው የማይጎዳ፣ ማሳውን እስከ 25 ቀን ማጽዳት ደግሞ የሚበቃ ከሆነ፣ በመሃል አንድ ጊዜ ማረም ይበቃል። ወሳኙ ጊዜ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። እንደ አረሙ ብዛት፣ እንደ ዝናቡና እንደ ማዳበሪያው ይሰፋል ይጠብባል።

ሲናርን በችግኝነቱ መለየት ከፈለጋችሁ ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ እዩ። ስንዴ እዚያ ጥፍር የመሰሉ ሁለት ትናንሽ ክንፎች አሉት። ሲናር የለውም።

«ቱፎርዲ ረጭቼ ሲናሩ አልሞተም፤ መጠኑን ልጨምር?»

አይጨመርም። ቱፎርዲ ኦክሲን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም፣ ለምሳሌ መጭ፣ ዕድገቱ ይዛባበትና ግንዱ ተጠማዝዞ ይሞታል። ስንዴ የሚተርፈው ሣር ስለሆነ ነው። ሲናርም ሣር ነው! መጠኑን ስትጨምሩ የምትቀርቡት ሲናሩን ሳይሆን ስንዴውን ለመጉዳት ነው። ግንዱ አንጓ ይዞ ዛላው ከተዘጋጀ በኋላ ከተረጨ ደግሞ ዛላው ሊጣመምና ፍሬ ሊያጣ ይችላል። ከዓመት ዓመት ቱፎርዲ ብቻ የሚረጭበት ማሳ ሰፊ ቅጠሉ እየጠፋ ሣሩ ይወርሰዋል። አርሲና ባሌ ውስጥ ስንዴ በስንዴ ላይ እየተዘራ የሆነው ይህ ነው።

«ከረጨሁ 4 ቀን ሆነው። ሲናሩ አረንጓዴ ነው። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው።»

ሊሆን ይችላል፤ 4 ቀን ግን አያስፈርድም። ስንዴ ውስጥ ለሲናር ከሚረጩት ሣር ገዳዮች አንዱ ክሎዲናፎፕ ሲሆን፣ ሣሩ ቅባት የሚሠራበትን ኢንዛይም ይዘጋል። ቅባት ከሌለ አዲስ የሴል ሽፋን የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞተው አዲስ ዕድገት የሚወጣበት እምብርት ነው። አሮጌው ቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ መሃለኛዋን ቅጠል ሳብ አድርጓት። ከሥሯ ቡናማ ሆና ቀለል ብላ ከወጣች መድኃኒቱ ሠርቷል። ሌላው ሣር ገዳይ ፓይሮክሱላም ደግሞ የሚዘጋው አንዳንድ አሚኖ አሲዶች የሚሠሩበትን ኢንዛይም ነው። ተክሉ ቶሎ ማደጉን ያቆማል፤ ግን ያለውን ስንቅ እየበላ ሳምንታት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ባልተረጨ ጥግ ካለው ሲናር ጋር በቁመት አወዳድሩት።

«አረሙ መድኃኒቱን ለመደው።»

አንድ ተክል መድኃኒት እንደ በርበሬ አይለምድም። ቀድሞም በማሳው ውስጥ ኢንዛይማቸው ትንሽ የተለየ ወይም መድኃኒቱን ቶሎ የሚያፈርሱ ጥቂት ሲናሮች ይኖራሉ። ርጭቱ ሌሎቹን ይገድላል፤ እነሱ ዘር ያፈሳሉ። በየዓመቱ ሲደገም ማሳው የእነሱ ይሆናል።

ከርጭት ስህተት የሚለየው በአሟሟቱ ነው። በረድፍ ተከትሎ የተረፈ ከሆነ ረጪው ዘልሎታል። የሞተና ያልተነካ ሲናር ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ሌላው ሣር ደግሞ ሁሉም ከሞተ፣ ያኔ ጠርጥሩ።

ብዙዎች እዚህ ላይ የጠርሙሱን ስም ይቀይራሉ። ክሎዲናፎፕ፣ ፌኖክሳፕሮፕና ፒኖክሳደን ስማቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም በአሠራር ምድብ 1 ናቸው። አንዱን በሌላው መተካት የምድቡን ቁጥር አይቀይረውም። ፓይሮክሱላም ምድብ 2 ነው። ማሳውን ለአንድ ዓመት ባቄላ መዝራት ደግሞ ስንዴ ውስጥ የማይረጩ ሣር ገዳዮችን ለመጠቀም በር ይከፍታል። ብቻ በባቄላው ላይ ያው ምድብ 1 እንዳይደገም ምልክቱን አንብቡ።