ኒት ምንድን ነው? ከተሸመነና ካልተሸመነ ጨርቅ በምን ይለያል?

«ቲሸርት የሚለጠጠው ፖሊስተር ስላለበት ነው፤ ንጹሕ ጥጥ አይለጠጥም።» ይህ አባባል ስፌት በተወራ ቁጥር ይነሳል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ለጀማሪዎች ምክር አድርጎ ጽፎት ብዙ ሰው አመስግኖታል። ምክሩን የሰማ ጀማሪ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ የቲሸርት ጨርቅ ገዝቶ ልክ እንደ ሸሚዝ ጨርቅ ይሰፋዋል፤ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በጭንቅላቱ ሲያጠልቀው የአንገቱ ስፌት ጠሽ ብሎ ይበጠሳል። ጥጥ ወይም ፖሊስተር የሚለው ስም ክሩ ከምን እንደተፈተለ ይናገራል፣ በዚያው ያበቃል። ጨርቁ መለጠጥ አለመለጠጡን፣ ጫፉ መተርተር አለመተርተሩን፣ የስፌት መኪና ላይ የሚያሳየውን ጠባይ በዋናነት የሚወስነው ክሩ እርስ በርሱ የተያያዘበት መንገድ ነው። ከአንድ ዓይነት የጥጥ ክር ፖፕሊን የሚባለው ድርቅ ያለ የሸሚዝ ሽመናም ይሠራል፣ ጀርሲ የሚባለው ልል ብሎ የሚሳብ የቲሸርት ኒትም ይሠራል።

የተሸመነ ጨርቅ ጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ በቁመትና በአግድም ተወጥሮ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየሆነ ይተላለፋል፤ በጨርቅ ቁመቱ ድር፣ አግድሙ ማግ ይባላል። የተወጠረ ጠፍርን በርዝመቱ ብትስቡት ከዚያ በላይ አይሄድም። የአልጋው መጋጠሚያ ላልቶ ወደ ጎን ብትገፉት ግን በጠፍሮቹ መካከል ያለው ባለ አራት ማዕዘን ክፍተት ሁሉ ይዘምና አልጋው ይንጋደዳል። ፖፕሊን በድሩ ወይም በማጉ ሲሳብ እምቢ ብሎ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ሲሳብ የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ ጠፍሩን ከአልጋው እንጨት ፍቱት። ዳር ላይ ያለው የሚይዘው ስለሌለ አንድ በአንድ ይወጣል። መቀስ የገባበት ሽመናም እንዲሁ ይተረተራል፤ ክሩን በቦታው ያቆየው ከጎረቤቱ ጋር መተሻሸቱ ነበርና። ሽመናው ሲሳሳ ወይም ክሩ እንደ ሳቲን ሲያዳልጥ መተርተሩ ይብሳል።

ኒት ላይ ጠፍሩ አይወጠርም። ክሩ ቀለበት እየሆነ በቀደመው ረድፍ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ በእጅ ሹራብ ሲሠራ እንደሚታየው። እንዲህ የተሠራ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ወገቡ መሬት ይነካ ነበር፤ ጠፍሩ ራሱ ሳይረዝም ክቡ ቀለበት ጠቦ ይረዝማልና። ንጹሕ የጥጥ ጀርሲ እንደ ላስቲክ የሚሳበው ክር ሊክራ ሳይገባበት የሚለጠጠው ስለዚህ ነው። ኒት ላይ የሊክራ ዋና ሥራ የተለጠጠውን ጨርቅ ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ሊክራ የሌለው የጥጥ ጀርሲ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ተነፍቶ የሚቀረው የሚመልሰው ስለሚያንሰው ነው። በተቃራኒው ሊክራ የገባበት ጂንስ ይለጠጣል፣ ግን የተሸመነ ነውና ጫፉ ከመተርተር አያመልጥም። «ከተለጠጠ ኒት ነው» የሚለውም ስለዚህ አያስኬድም።

ያልተሸመነው ጨርቅ ክር የሚባል ነገርም የለውም። ክር የሚፈተልበት ስስ ጭረት እንዳለ ተነጥፎ በሙቀት፣ በሙጫ ወይም በመርፌ ውጊያ ተጣብቋል። የሐኪም ማስክ፣ ነጠብጣብ ጥለት ያለው ቀለል ያለ የገበያ ቦርሳ፣ ከብዙ ኮሌታ ውስጥ በካውያ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ከዚህ ወገን ናቸው።

ለመለየት የተቆረጠውን ጫፍ በመርፌ ጫር አድርጉ። ቀጥ ያለ ክር ተመዞ ከወጣ ሽመና ነው። እንደ ተፈታ ሹራብ የተጠማዘዘ ክር ከወጣ ኒት ነው። ብን ያለ ጭረት ብቻ ከወጣ ያልተሸመነ ነው።

አሁን የቲሸርቱን አንገት እንውሰድ። የአንገቱ ክፍተት ዙሪያ 50 ሳንቲሜትር፣ የለባሹ ጭንቅላት ዙሪያ 57 ሳንቲሜትር ይሁን። ከፖፕሊን ቢሠራ ያለ ቁልፍ አይገባም። በጀርሲ ይገባል፣ ግን ስፌቱም ከ50 ወደ 57 አብሮ መሄድ አለበት። በተለመደው ውጥረትና በ2.5 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ስፌት የተሰፋ ክር ይህን ያህል ስለማይሄድ ይበጠሳል። አንገቱ ላይ የሚዞረው፣ ሪብ የሚባለው ባለ ሸንተረር ኒት ደግሞ ከክፍተቱ አጠር ብሎ፣ 85 በመቶ ገደማ ሆኖ ይቆረጣል፤ እዚህ 42.5 ሳንቲሜትር፣ ከመጋጠሚያው ትርፍ ጋር 44.5። ሪቡ 57 እስኪደርስ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ መለጠጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት 10 ሳንቲሜትሩን ይዛችሁ ሳቡት፤ ሳይጨነቅ 13.5 ደርሶ ወዲያው ካልተመለሰ ሌላ ሪብ ፈልጉ።

ኦቨርሎክ የሚባለው ጫፍ የሚቆልፍ መኪና ካለ ጣጣው ያልቃል፤ ክሩ በቀለበት ስለሚሰፋ ከጨርቁ ጋር ይሳባል። ዚግዛግ ያለው መኪና ላይ ስፋቱን ከ0.5 እስከ 1፣ ርዝመቱን ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ መኪና ያለው ደግሞ ስፌቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያሳጥር፣ የላዩን ክር ውጥረት ትንሽ ያላላ፣ ከጥጥ ክር ይልቅ ፖሊስተር ክር ይጠቀም፣ ጨርቁንም ከፊትና ከኋላ ለስለስ አድርጎ ወጠር ያድርግ። በቁራጭ ላይ 10 ሳንቲሜትር ሰፍቶ 11.5 ድረስ ይሳበው፤ እዚያ ሳይበጠስ ከደረሰ ይህን አንገት ይችላል።

መርፌው ሌላው ነገር ነው። ሹል መርፌ የቀለበቱን ክር ይበሳና ይቆርጣል፤ በዕለቱ አይታይም፣ ከታጠበ በኋላ ከስፌቱ ጎን ጥቃቅን ቀዳዳ ይወጣል። ሰው ጨርቁን ይረግማል እንጂ መርፌውን አይጠረጥርም። ጫፉ ዶልዶም ያለው፣ ጀርሲ ወይም ቦል ፖይንት የሚባለው 75/11 መርፌ ክሩን ገፋ አድርጎ በመሃል ያልፋል። የጀርሲ ጫፍ ስለሚጠቀለል መበላሸት የሚመስለው አለ፤ ጠባዩ ነው። አይተረተርም፣ መቆለፍም ግዴታ አይደለም። ሆኖም አንድ ቀለበት ከተቆረጠ፣ ስስ የሴት ካልሲ ላይ እንደሚሆነው፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሊሮጥ ይችላል።

ለሽመና ፍርሃቱ ሌላ ነው። ሳሳ ያለ የሸማ ጨርቅ ለቀሚስ ሲሰፋ 5 ሚሊ ሜትር ትርፍ ብቻ ከተተወለት ክሮቹ ከስፌቱ ሥር ተንሸራትተው ይወጣሉ፤ ስፌቱ ሳይበጠስ ልብሱ ይከፈታል። ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር ትርፍ ተዉና ጫፉን አጥፋችሁ ወደ ውስጥ ቆልፉት። የነጠላ ዘርፍ የሚገመደውም የድሩ ጫፍ ተይዞ የመጨረሻው ማግ እንዳያመልጥ ነው።

ያልተሸመነው ላይ ስህተት አይፋቅም። የመርፌው ቀዳዳ ተመልሶ ስለማይደፈን ስፌት ፈትቶ እንደገና መስፋት ያዳክመዋል፤ ስፌቱ ከደቀቀ ደግሞ እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ ይቀደዳል። ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ረጅም ስፌት ስፉና ጫፉን ሳትቆልፉ ተዉት። የቦርሳውን ዓይነት በካውያ አትንኩ፤ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነውና 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ለጥጥ የጋለ ካውያ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።