አሳይመንት የሚያስቀር ፍጽምና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አሳይመንቴ የሚዘገየው ጥራት ስለምፈልግ ነው»

ጥራት መፈለግ ብቻውን ሥራ አያዘገይም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፍጽምና ፈላጊነትን ሲያጠኑ ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። አንዱ ከፍ ያለ ግብ መያዝ ነው። ሌላው ስህተትን መፍራት፣ የሠሩትን ደጋግሞ መጠራጠርና «ሰው ምን ይለኛል» እያሉ መጨነቅ ነው። ራንዲ ፍሮስትና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ እነዚህን ለየብቻ ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ሥራን ከማጓተት ጋር አብሮ የሚሄደው ፍርሃቱ ነው። ከፍ ያለ ግብ ያላቸው ሰዎች እንዲያውም በትንሹም ቢሆን የሚያጓትቱት ያነሰ ነው።

የትኛው እንደያዛችሁ ለማወቅ፣ ሁለት ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ ወረቀቱን እዩት። ጥራት ላይ ስትሠሩ ከነበረ አዲስ ማስረጃ ወይም አዲስ ሐሳብ ገብቷል። ፍርሃት ከሆነ ግን የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ተቀይራለች፣ የሽፋን ገጹ አምሯል፣ ሁለተኛው አንቀጽ የለም።

«እኔ የሚሠራልኝ ዴድላይኑ ሲደርስ ነው»

ይህን የሚሉ ልጆች አይዋሹም። በመጨረሻዋ ሌሊት እውነትም ይጽፋሉ። ምክንያቱን ግን ልብ አይሉትም። ሌሊቱ ሲያልቅ «ፍጹም ካልሆነ አልጽፍም» የሚለው ሐሳብ ቦታ ያጣል። ጊዜ ስለሌለ ብቻ እንደነገሩ መጻፍ ይፈቀዳል። ያን ጊዜ እጅ ይፈታል።

ችግሩ የተጻፈው ረቂቅ ሆኖ ሳለ ለመምህሩ እንደመጨረሻ ሥራ መሰጠቱ ነው። የሚታረምበት ቀን አልተረፈውም። ስለዚህ መፍትሔው ያንን የመጨረሻ ሌሊት ፈቃድ ለራስ አስቀድሞ መስጠት ነው። በስልክ ሰዓት፣ በሳምንቱ መጀመሪያ።

«በሰዓት ተገድቦ የተጻፈ ነገር ዝርክርክ ይሆናል»

አዎ፣ ይሆናል። ረቂቅ ነውና ችግር የለውም። ቁም ነገሩ መጻፍንና መፍረድን በአንድ ጊዜ አለማድረግ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ፈራጁ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ የምትማር የታሪክ ተማሪ አለች እንበል። አሳይመንቷ አምስት ገጽ ነው፤ የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በምን በምን እንደተጎዱ። በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው። መግቢያው ላይ ቆማለች። አንዱ ጽሑፍ ጎንደር የተቆረቆረችው በ1628 ነው ይላል፣ ሌላው በ1636። የትኛው ልክ እንደሆነ ስትፈልግ አመሸች። ርዕሱ ግን ስለ ጉዳት እንጂ ስለ ምሥረታ አይደለም።

መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ትያዝና በባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ትጻፍ። ተፈጥሮ ምን አደረሰ? ጦርነት ምን አደረሰ? ጥገናውስ ራሱ ምን አስከተለ? እነዚህ የአሳይመንቱ ሦስት ክፍሎች ናቸው። መግቢያው ለጊዜው ይቅር፤ ምን እንደምታስተዋውቅ የምታውቀው ሌላው ተጽፎ ሲያልቅ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሃያ አምስት ደቂቃ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሰረዝ የለም፣ ጉግል የለም። ያልታወቀ ነገር በቅንፍ ታልፎ ይኬዳል፦ «(ዓመቱ ይጣራ)»። ማስረጃ ሲጠቀስ ከየት እንደመጣ እዚያው በቅንፍ ይጻፋል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ የራሱን ቃልና የመጽሐፉን ቃል መለየት ያቅተዋል፤ ሳያስበው ኮፒ ያደረገ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ቃል አልመጣ ካለ አማርኛውን መጻፍ ነው። ብዙ ተማሪ የሚቆመው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ሰዋስው ፈርቶ ስለሆነ፣ ከሁሉም ትልቁ ይህ ፈቃድ ይመስለኛል።

የጦርነቱ ክፍል በመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «በ1941 እ.ኤ.አ. ጣልያን ከጎንደር ሲወጣ እንግሊዞች በአውሮፕላን ደበደቡ። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎዳ (የትኛው ክፍል? ይጣራ)። ጣልያንም ግቢውን ለራሱ ሥራ ይጠቀምበት ነበር፣ ይህን አስፋፊ (ምንጭ?)።» አያምርም። ግን አሁን የሚታረም ነገር አለ።

ሰዓቱ ሲደወል ዓረፍተ ነገር መሃል ላይም ቢሆን ማቆም ነው። ለቀጣዩ ለመነሳት የተንጠለጠለ ሐሳብ ይረዳል። በየመሃሉ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ቢጨመር ሁሉም ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃል። መብራት ቢጠፋም በእስክሪብቶ ይሠራል።

እርማቱ በማግስቱ ነው። ቅንፎቹ ተለቅመው ዝርዝር ይሆናሉ። ያን ጊዜ 1628 እና 1636 በሁለት ደቂቃ ይፈታሉ፦ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆች የተጻፈ አንድ ዓመት ነው። ምሽቱን ሙሉ የበላው ጥያቄ ይህ ነበር።

«ይበቃል ማለት ደረጃን ማውረድ ነው»

ደረጃ የሚወርደው ሲደክመን «ይበቃል» ካልን ነው። ስለዚህ የሚበቃው ነገር ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። መምህሩ የሰጠው መመሪያ ወይም የነጥብ ክፍፍል አለ። ከእሱ ሦስት መስመር ማውጣት ይቻላል፦ ሦስት ምክንያት፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ማስረጃ፣ የተሟላ የምንጭ ዝርዝር። ሦስቱ ሲሟሉ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ የሚያደናቅፈውን ማስተካከል፣ ማስገባት።

ይህን ለማመን የሚከብደው ሰው ይፈትነው። የፍጽምና ጭንቀትን የሚያክሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ትንሽ ነጥብ ያለው አሳይመንት ይመረጣል። ከማስገባት በፊት ፍርሃቱ በቁጥር ይጻፋል፦ «ደግሜ ስላላሳመርኩት ከአሥር አምስት አገኛለሁ»። ውጤቱ ሲመጣ ይነጻጸራል። አንድ ጊዜ በቂ አይደለም፣ ፍርሃቱ «ዕድል ነው» ይላልና። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲታይ ግን ግምቱ ራሱ የማይታመን እንደሆነ ይገለጣል።

ወሰንም አለው። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ የጤና ተማሪ «ይበቃል» ብሎ አያልፍም። እዚያ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለቴ ይታያል። ስለ ሕመምተኛው የሚጽፈውን ሪፖርት ግን በረቂቅ መጀመር ይችላል።

«ሰዓት ይዤም ካልጻፍኩ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው»

ሁለት ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው አልገባችሁም ወይም በጣም ሰፊ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎቻችሁን ይዛችሁ መምህሩ ጋ ሂዱ። «አልገባኝም» ከማለት «እንዲህ ብከፍለው ልክ ነው?» ማለት ፈጣን መልስ ያስገኛል። ጥያቄው ገብቷችሁ እያለ ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ግን የሰዓት ዘዴ አይበቃውም። ያ የዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም የሐኪም ጉዳይ ነው፤ የማስገቢያው ቀን እስኪያልፍም አይጠበቅም።