እንግሊዝኛ ሲጽፉ «ዘ» ስለሚጥሉ ተማሪዎች የሚባሉ ነገሮች፣ እና እውነታው

«ዘ የሚጥሉት አማርኛ አርቲክል ስለሌለው ነው»

ከስሙ ፊት ለብቻው የሚቆም ቃል የለውም እንጂ ስራውን የሚሰራ ነገርማ አለው፣ «መጽሐፉ» ላይ ያለችው ኡ፣ «ልጅቷ» ላይ ያለችው ዋ፣ ቅጽል ሲመጣ ደግሞ ወደ ቅጽሉ ትዞርና «ትልቁ ቤት» እንላለን። አማርኛ የማያስገድደን «ኤ»ን ነው፣ «መጽሐፍ ገዛሁ» ብለን እናልፋለን፣ «አንድ» ካላልክ ስህተት ነው የሚልህ የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የአማርኛ ከሆነ በዋናነት መጎዳት ያለበት «ኤ» ነው፣ «ዘ» በአንጻሩ ይሻላል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ታሪክ ከትንሽ ቀን በኋላ በአማርኛ አጽፉትና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልጁ በእንግሊዝኛ «አይ ቦት ቡክ። ቡክ ኢዝ ናይስ» ብሎ አማርኛው «መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉ ጥሩ ነው» ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቁልጭ ብሎ ገጠመ፣ ሁለተኛው ግን ኡ አማርኛው ላይ ቁጭ ብላለች እኮ፣ አማርኛ ላይ ማላከክ አይቻልም። እሱ ምናልባት ማንኛውም ጀማሪ ትንንሽና ደከም ብለው የሚነበቡ ቃላትን የሚጥለው አይነት ነው። በተቃራኒው ባለቤት ባልተጠራበት ቦታ «ሂዝ» ከገባ ጠርጥሩ፣ ምክንያቱም «ቤቱ» የኛም አርቲክል ነው የሱም ቤት ነው።

«አት እና ኦን ካምታታ በጭንቅላቱ ከአማርኛ እየተረጎመ ነው»

ሊሆን ይችላል ግን ማምታታቱ ብቻ ምንም አያሳይም፣ የት የት እንደሚያምታታ ነው የሚያሳየው። የኛ «ላይ» በጣም ሰፊ ናት፣ በር ላይ ቆሟል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስራ ላይ ነች። ቤት ሲሆን ግን «ቤት ነኝ» ነው የምንለው፣ ትምህርት ቤትም እንደዛው፣ ላይ አይገባም። እንግሊዝኛ ለአምስቱም «አት» ይላል።

አሁን አምስቱን በስዕል ወይ በአጭር ጥያቄ አስመልሱት። በር፣ ስብሰባና ስራ ላይ «ኦን» ብሎ ቤትና ትምህርት ቤት ላይ ወይ «አት» ካለ ወይ ባዶውን ከተወው፣ ስህተቱ የ«ላይ»ን ድንበር ተከትሎ እየሄደ ነው፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ምልክት አይገኝም። አምስቱም ላይ «ኦን» ካለ ግን አንዷን ቃል ይዞ ሁሉም ቦታ እየሞከራት ነው፣ ከየትም አገር የመጣ ተማሪ የሚያደርገው ነገር ነው፣ «ላይ»ን ከ«ኦን» እያነጻጸራችሁ ብታስተምሩት ብዙም አይጠቅመውም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አትፍረዱ፣ ሰው ሲቸኩል የሚያመልጠውም አለ፣ ሌላ ቀን ድገሙት።

«ዲስከስ አባውት ካለ በቃ አማርኛ ነው፣ ስለ እንል የለ»

ግጥሙማ ያምራል፣ ግን ከኛ ቋንቋ ጋር ምንም የማይገናኙ ሰዎችም ይሉታል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ራሱ «ቶክ አባውት» እያለ ያሳስታል። ስኮት ጃርቪስ የሚባል ተመራማሪ በ2000 ያስቀመጠው መለኪያ እዚህ ይጠቅማል፦ አንድ ቋንቋ ያላቸው ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ ወይ፣ ሌላ ቋንቋ ያላቸው ይለያሉ ወይ፣ ተማሪው በራሱ ቋንቋ የሚለውስ ይገጥማል ወይ። «ዲስከስ አባውት» ሁለተኛዋ ላይ ይወድቃል።

«ክላሱ በሙሉ አማርኛ ይናገራል፣ ስለዚህ ምክንያቱ አንድ ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ ብዙ ጊዜ አይሰራም። ትግርኛ «እቲ መጽሓፍ» ይላል፣ አርቲክሉ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ከፊት ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ትግርኛ የሚያወራ ልጅ «ዘ» ሲጥል የሚሰጠው ማብራሪያ ሌላ ነው። «ኦልደር ፍሮም ሚ» ደግሞ ሁለቱን አይለይም፣ የኛ «ከ»ም የእነሱ «ካብ»ም መነሻም ማወዳደሪያም ናቸው። መጀመሪያ ቤት ምን እንደሚወራ ጠይቁ፣ ሁለተኛ ቋንቋ የሆነው አማርኛም ተጽእኖ እንደሚያደርግ ሳትረሱ።

«ስህተት ከሌለ ተጽእኖ የለም»

ሁለት ነገር ይደበቃል። አንዱ ተጽእኖው ትክክል ላይ ሲጥል ነው፣ «ስልክ ላይ ነው» ብሎ ያሰበ ልጅ «ኦን ዘ ፎን» ብሎ ኤክስ አያገኝም፣ ግን ያው «ላይ» ነች። ሌላው መሸሽ ነው። ጃክሊን ሻክተር የምትባል ተመራማሪ በ1974 እንዳሳየችው ቻይናውያንና ጃፓናውያን ተማሪዎች አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አሰራር ላይ ብዙም ያልተሳሳቱት ስለቻሉበት ሳይሆን ብዙም ስለማይጠቀሙበት ነበር። ሙሉ ገጽ ጽፎ አንድም «አት» የሌለበት ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ማርክ ከመስጠታችሁ በፊት በሩ ጋ ማን እንደቆመ ጠይቁትና የሚመልሰውን ስሙ።