የነጸብራቅና የመተላለፍ አምፕሊቲዩድ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ከተኛ፣ ብርሃኑ ገጹን በቀጤ ነክ፣ ማለትም ወደ የትም ሳያዘነብል፣ ያገኘዋል። የገቢውን ብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ አምፕሊቲዩድ 1 ብንለው፣ ወደ አየር የሚመለሰው r፣ ወደ ውሃው የሚዘልቀው ደግሞ t ነው።

ሁለቱም የሚገኙት በድንበሩ ላይ ከሚጸኑ ሁለት ሁኔታዎች ነው። ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነው የኤሌክትሪክ መስክ በሁለቱም ወገን እኩል መሆን ስላለበት የመጀመሪያው ቀመር ይገኛል፤ መግነጢሳዊው መስክም እንዲሁ እኩል መሆን አለበት፤ ነገር ግን እሱ ከስብረት ኢንዴክሱ n ጋር ስለሚያድግና የተንጸባረቀው ሞገድ አቅጣጫውን ስለሚቀይር በሁለተኛው ቀመር ውስጥ r በመቀነስ ምልክት ይገባል።

```
1 + r = t
n1(1 - r) = n2 t

r = (n1 - n2)/(n1 + n2)
t = 2 n1/(n1 + n2)
```

ለአየር n1 = 1፣ ለውሃ n2 = 1.33 ስንወስድ r = −0.14፣ t = 0.86 ይሆናል። የመቀነስ ምልክቱ መስኩ ተገልብጦ መመለሱን እንጂ ሌላ ነገር አያመለክትም። (አንዳንድ መጻሕፍት የተንጸባረቀውን መስክ ቀስት ገና ሲስሉት ስለሚገለብጡት ምልክቱ መደመር ሆኖ ይወጣል፤ ከማነጻጸር በፊት ሥዕሉን ማየት ይበጃል።)

ስሕተት የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው። የሁለቱን ካሬ ብንደምር 0.02 እና 0.74 በድምሩ 0.76 ይሆናሉ፤ ታዲያ የቀረው ሩብ ያህል ኢነርጂ የት ገባ? የትም አልሄደም። ሞገድ የሚሸከመው ኢነርጂ ከአምፕሊቲዩዱ ካሬ ጋር ብቻ ሳይሆን ከ n ጋርም ስለሚያድግ፣ የውሃው ድርሻ 1.33 × 0.74፣ ማለትም 0.98 ነው፤ ከ0.02 ጋር ሲደመር 1 ይሞላል።

ብርሃኑ ከሐይቁ ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ r = +0.14፣ t = 1.14 ይሆናል። ፈተና ሳርም ይህችን 1.14 ደርሰውባት “ከገባው የወጣው ሊበልጥ አይችልም” ብለው የሰረዟት ብዙ ተማሪዎች ገጥመውኛል። መልሳቸው ግን ልክ ነበር፤ የ1.14 ካሬ 1.30 ነው፣ ለ1.33 ሲካፈል ያው 0.98 ይመጣል። የበለጠው መስኩ እንጂ ኢነርጂው አይደለም፤ ከላይም ሆነ ከታች ቢመጣ የሚመለሰው 2 በመቶ ነው።

ይህ 2 በመቶ ግን ለሚታይ ብርሃን የሚሠራ እንጂ ለሁሉም ሞገድ አይደለም። በጥቂት መቶ ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ የንጹሕ ውሃ n ወደ 9 ስለሚጠጋ፣ በዚያው ቀመር r = −0.8 ይወጣል፤ ከኢነርጂውም 64 በመቶው ይመለሳል። ውሃው ጨው ከበዛበትና ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ከጀመረ ደግሞ n ተራ ቁጥር መሆኑ ይቀርና ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሆናል፤ ቀመሩ እንዳለ ይቀጥላል፣ t ግን ወደ ጥልቁ በገባ ቁጥር እየከሰመ የሚሄድ ሞገድ መነሻ ብቻ ትሆናለች።