የብረት ፍሬም ወይስ የአርማታ ፍሬም? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠሩ መካከለኛ ፎቆች

ወሎ ውስጥ ፎቅ ከተባለ አርማታ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያሉት ፎቆች በብዛት ካሳፎርማ ተመቶ፣ ፌሮ ታስሮ፣ ኮንክሪት ተሞልቶ የቆሙ ናቸው፣ ባለሙያዎቻችንም እጃቸው የተፈታው በዚሁ ነው። የብረት ፍሬም በብዛት የምናየው በ2009 ዓ.ም እንደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎች፣ ሼድ ላይ ነው።

ፍጥነቱን በጂ ፕላስ 5 እንየው። ጣሪያውን ጨምሮ 6 ሶሌታ አለው፣ ለአንዱ ከነኮለኑ 3 ሳምንት ብንይዝለት አፅሙ ብቻ 18 ሳምንት ይፈጃል፣ ያውም ሲሚንቶ ካልጠፋ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ በብርድ ደግሞ ኮንክሪት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ የባህር ዛፉን ድጋፍ ቀን ብቻ ቆጥሮ ከመንቀል የኮንክሪቱን ጥንካሬ የሚለካውን የኪዩብ ቴስት ማየት ይሻላል። ብረት ግን መሠረቱ እየተቆፈረ ወርክሾፕ ውስጥ ተቆርጦ ተበስቶ ይጠብቃል፣ ከዛ በክሬን እየተነሳ በቦልት ይታሰራል፣ አፅሙ በሳምንታት ያልቃል። ችግሩ ትልልቁ አይ ሴክሽን ከውጭ ነው የሚገባው፣ በሳይት ያተረፍከውን ጊዜ ዶላርና የጅቡቲ መንገድ ይበሉታል።

ወጪም ላይ ችግሩ ያው ከውጭ የሚገባው ብረት ነው፣ ብረቱ ቀላል ስለሆነ መሠረቱን ያሳንሳል ግን እዚህ የብረቱን ውድነት ያንን ያህል አያካክስም።

እሳት ላይ አርማታ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መከላከያ ያልተደረገለት ብረት አይቀጣጠልም እንጂ ቶሎ ይግላል፣ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ሲሶ በላይ ያጣል፣ በመደበኛው የእሳት ፍተሻ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ሰዓት እንዲቆይ ከተፈለገ በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን ወይም በሙቀት የሚያብጥ ቀለም መቀባት አለበት፣ ይሄ ወጪ መጀመሪያ ዋጋ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አርማታውን ከእሳት የሚያድነው ከፌሮው ስር ያለው የኮንክሪት ሽፋን፣ ኮቨሩ ነው። በአውሮፓው የግንባታ ደንብ በዩሮ ኮዱ ሰንጠረዥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሸከም ተራ ሶሌታ እሳትን ለ60 ደቂቃ እንዲቋቋም ቢያንስ 80 ሚሊ ውፍረት ይፈልጋል፣ ከታችኛው ፊት እስከ ፌሮው መሀል ደግሞ 20 ሚሊ፣ ለ120 ደቂቃ ግን 120 እና 40 ይሆናል። የሚበላሸው ሙሌት ቀን ነው፣ ፌሮውን ከጣውላው የሚያነሳው ስፔሰር ያንሳል ወይ ድንጋይ ይደረግለታል፣ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ፌሮውን እየረገጠ ያልፋል፣ ፌሮው ጣውላው ላይ ይተኛል። ካሳፎርማው ሲነሳ ሶሌታው ስር የፌሮ መስመር ወይ የዝገት ጭረት ከታየ ያ ሶሌታ ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ደቂቃ አይቆይም፣ ልስንም አያስመልጠውም።

ከቃጠሎ በኋላ የብረት ጉዳት በብዛት በዓይን ይለያል፣ ቢሙ ይጎብጣል። ኮንክሪት ግን ቆሞም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ከ300 ዲግሪ በላይ የገባበት ክፍል ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ይቀየራል (ጠጠሩ ይወስነዋል፣ ሁሉም አይቀላም)፣ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ ሽፋኑ ከፌሮው ስለለቀቀ ተፈልፍሎ ነው የሚጠገነው።