ከባህር ማዶ ተማሪ ለቤተሰብ የሚላክ የእንቁጣጣሽ መልእክት

ለትምህርት ከአገር የወጣ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤቱ የሚልከው መልእክት ብዙውን ጊዜ ከስድስትና ከሰባት ዐረፍተ ነገር አያልፍም። ቢያጥርም የራሱ ወግ አለው። በመልካም ምኞት ይከፈታል፤ የላኪው ደህንነት ይከተላል፤ ከዚያ የቤተሰቡ ስም በየተራ ይጠራል፤ በምርቃት ቃል ያበቃል።

መክፈቻው «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። አድራሹ ማን እንደሆነ አይነገርም፤ ፈጣሪ መሆኑን ሰሚው ያውቃል። ስለዚህ ያው ቃል ለገናም፣ ለፋሲካም፣ ለዒድም ያገለግላል፤ መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ለአዲስ ዓመት ብቻ የሚባለው ግን «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ስህተት ይበዛል፤ ያለፈውን ዓመት የአበባ ሥዕል ከነጽሑፉ መልሶ የሚልክ ሰው ወንጌላዊውን ያሳስታልና። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለ2018 ድምሩ 7518 ነው፤ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ ማለት ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 በፈረንጆቹ መስከረም 12 ላይ ይውላል። የ2016 መባቻ እንዲህ ነበር። በ11ኛው ቀን የላከ ተማሪ እናቱን ገና በጳጉሜን ጽዳት ላይ ሳለች ነው የሚያገኛት።

በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ኩባ የተላኩ ተማሪዎች ይህን የሚጽፉት በደብዳቤ ነበር። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ» የሚለው ሐረግ የደብዳቤው ዘመን ቅርስ ነው፤ ደብዳቤው ሲቀር እሱ ግን አልቀረም። የሞባይል አጭር መልእክት ሲመጣ ሌላ ችግር ተከተለ። አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። «እንኳን» ብሎ ጀምሮ «አሸጋገራችሁ» እስኪል ድረስ ያለው ከላይ የጠቀስነው ሰላምታ ብቻውን ከነክፍተቱ 39 ይወስዳል። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ የነበረው ፊደሉን ንቆ ብቻ አልነበረም። ዛሬ በቴሌግራም ይህ ገደብ የለም፤ ሆኖም አጭሩ ነው አሁንም የሚወደደው።

ቶሮንቶ የሚማር አንድ ልጅ እንበል። በመስከረም ወር አዲስ አበባ ቶሮንቶን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ቤተሰቡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲሰበሰብ እሱ ዘንድ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሳይተኛ ይጽፋል፦

«እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት፤ ጉልበትዎን ተሻለዎት? እማዬ፣ የላክሽውን ሽሮ ለዛሬ ብዬ አቆይቼዋለሁ። አቡሽ፣ ችቦውን ማን ለኮሰው? ከዓመት ዓመት ያድርሰን።»

መልእክቱ የሚደርሰው በታናሽ ወንድሙ ስልክ ነው፤ የሚነበበውም ጮክ ተብሎ፣ ቡናው እየተቆላ። ስለዚህ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የተጻፈ ነው። አያቲቱ ቀድማ ትጠራለች፤ በ«እርስዎ» ነው የምትጠራው፣ በገጠር ከሆነ በ«አንቱ»። እናቲቱ «አንቺ» መባሏ ቅር አያሰኛትም። ስማቸው ያልተጠራ አክስት ግን ካሉ ቅሬታቸው እስከ መስቀል ሊዘልቅ ይችላል። «ለሁላችሁም» የሚለው ቃል ይህን አይሸፍንም። ምርቃት የታላቅ ድርሻ ስለሆነ ተማሪው «ያድርሰን» ብሎ ራሱን ጨምሮ ይለምናል እንጂ ሽማግሌን አይመርቅም፤ ረጅሙ ምርቃት ከአያቱ በድምፅ ተቀድቶ ይመለሳል። እኔ ከመልእክቱ ሁሉ የሽሮዋን ዐረፍተ ነገር አስበልጣለሁ፤ ሌላው የማንም ሊሆን ይችላል፣ እሷ የእሱ ብቻ ናት።

መልሱም እንደ መልእክቱ በጥንቃቄ ይነበባል። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለፈተና የተቀመጠ ልጅ ከሆነ ደግሞ ለወራት ሊደበቀው ይችላል፤ በመጨረሻም እዚያው የሚኖሩ ወዳጆች በማለዳ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በመልሱ ውስጥ ስሞችን ይቆጥራል። ጉልበቷን ጠይቆ «ሁላችንም ደህና ነን» ብቻ ከተባለ፣ የአያቱም ድምፅ ካልመጣ፣ ሌሊቱ ቢገፋም ይደውላል። «እማማን አቅርቡልኝ» ይላል። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉታል፤ በዓል ነውና እውነት ሊሆን ይችላል። ማታ እንደገና ይደውላል።